ጤፍ ሲወደድ የሚሆኑት ሁለት ነገሮች

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ማክሰኝት፣ ወደ ጣና ሐይቅ ከሚያዘቀዝቀው ሜዳና ከበላዩ ካሉት ኮረብታዎች የሚመጣው እህል የሚገናኝባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራል። በገበያዋ የተመላለሰ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ይኸውም ጤፍ የተወደደ እንደ ሆነ ሸማቹ ከቀድሞው ያነሰ ጤፍ ገዝቶ እንደሚመለስ ነው። ለምን ቢባል ግን ብዙው ሰው «ስለ ተወደደ ነዋ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለውም። ይህም መልስ ጥያቄውን መልሶ መናገር እንጂ መልስ አይደለም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ «ለምን» ስለሚባለው ነገር፣ የኢኮኖሚ ሊቃውንትም መልሱን እስኪያገኙት ድረስ ስለ ሄዱበት ረጅም መንገድ ነው።

ሊቃውንቱ ነገሩን በሥዕል ይገልጡታል። በቁሙ መስመር ዋጋን፣ በአግድሙ መስመር የሚገዛውን መጠን ያስቀምጡና፣ በያንዳንዱ ዋጋ ምን ያህል እንደሚገዛ ነጥብ እያኖሩ ነጥቦቹን ያያይዟቸዋል። የሚወጣውም መስመር ከግራ ወደ ቀኝ የሚያዘቀዝቅ ቁልቁለት ይሆናል፤ ስሙም የፍላጎት መስመር ይባላል። ፈረንሳዊው ኦጊስተን ኩርኖ እ.ኤ.አ. በ1838 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ቁልቁለት በሒሳብ ቋንቋ አስቀምጦት ነበር። ይሁን እንጂ እርሱ በገበያ የሚታይ ነገር አድርጎ ተቀበለው እንጂ ምክንያቱን ከሸማቹ ልብ ውስጥ ገብቶ አልመረመረም።

ምክንያቱን ለመስጠት ከደከሙት መካከል ስሙ የገነነው የካምብሪጁ መምህር አልፍሬድ ማርሻል ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣው መጽሐፉ እንዲህ ብሎ አስረዳ። ሰው የመጀመሪያውን ኪሎ እህል ሲያገኝ ረኃቡን ያስታግሥበታል፤ ሁለተኛው ኪሎ ከመጀመሪያው ያነሰ ይጠቅመዋል፤ ሦስተኛውም ከሁለተኛው ያንሳል። ስለዚህ ዋጋው ካልወረደ በቀር ተጨማሪውን ኪሎ አይገዛም። ይህ ማብራሪያ ለሰሚው ጆሮ የሚስማማ ቢሆንም አንድ የተደበቀ ነገር አለበት። ማርሻል ይህን ሲል፣ በሸማቹ እጅ ያለችው የአንዲት ብር ክብደት ለሸማቹ ምንጊዜም አንድ ናት ብሎ ይነሣል። ጨው ወይም ክብሪት ሲወደድ ይህ እውነት ነው፤ ለጨው የሚወጣው ገንዘብ ከወር ወጪ ኢምንት ስለሆነ ጨው በእጥፍ ቢወደድ እንኳ ሰው ድኻ ሆንኩ አይልም። የቤተ ሰቡን የወር ወጪ ገሚሱን የሚበላው ጤፍ ሲወደድ ግን ሰውየው ከጤፉ ዋጋ ጋር ራሱም ተለውጧል። ደመወዙ በወረቀት ላይ አንድ ቢሆንም ሊገዛ የሚችለው ነገር አንሷል፤ ትናንት ከነበረው ሰው ይልቅ ዛሬ ድኻ ነው።

ማርሻል ራሱ ይህን ችግር ሳያየው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1895 በታተመው በመጽሐፉ ሦስተኛ እትም ላይ፣ ሮበርት ጊፈን የተባለውን የስታቲስቲክስ ሊቅ ጠቅሶ፣ ዳቦ በተወደደ ጊዜ እጅግ ድኾች የሆኑ የእንግሊዝ ሠራተኞች ሥጋና ሌላውን ውድ ምግብ ቀንሰው ዳቦውን ጭራሽ እንደሚያበዙ ጻፈ። ይህም ቁልቁለት የተባለው መስመር አቀበት የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ነገር ግን ማርሻል ይህን እንደ ብርቅ ነገር አነሣውና አለፈው እንጂ ከዋናው ትምህርቱ ጋር አላስታረቀውም።

ያስታረቀው ሰው የተገኘው ማንም ባልጠበቀው ቦታ ነው። ዬቭጌኒ ስሉትስኪ በተማሪዎች ንቅናቄ ተካፍለሃል ተብሎ ከኪየቭ ዩኒቨርሲቲ የተባረረ፣ በሙኒክ ምሕንድስና የተማረ፣ በኋላም ወደ ኪየቭ ተመልሶ ሕግ ያጠና ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1915 ስለ ሸማች በጀት የጻፈው ጽሑፍ በአንድ የኢጣልያ የኢኮኖሚ መጽሔት ላይ በኢጣልያ ቋንቋ ታተመ። ዘመኑ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ስለ ነበረ፣ ጽሑፉም በሒሳብ የተሞላ ስለ ሆነ፣ አንባቢ ሳያገኝ ሃያ ዓመት ያህል ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1934 ጆን ሂክስና ሮይ አለን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ወጣት መምህራን ስሉትስኪን ሳያውቁ ወደዚያው ሐሳብ ደረሱ። ኋላ የስሉትስኪን ጽሑፍ ባገኙ ጊዜ ግን ቀዳሚነቱን አልነፈጉትም። ሂክስ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ ዋነኛውን ስሌት በስሉትስኪ ስም ጠራው፤ እስከ ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል።

እነዚህ ሰዎች ያገኙት ነገር በአጭሩ ይህ ነው። የአንድ ዕቃ ዋጋ በጨመረ ጊዜ አንድ ነገር የሆነ ይመስላል፤ የሆኑት ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ያ ዕቃ ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር ሲመዛዘን ውድ ሆኗል፤ ስለዚህ ሸማቹ ፊቱን ወደ ሌሎቹ ያዞራል። ይህን የመተካት ውጤት እንበለው። ሁለተኛ፣ የሸማቹ ገቢ ሊገዛ የሚችለው ነገር አንሷል፤ ስለዚህ እንደ ድኻ ሰው ይገዛል። ይህን ደግሞ የገቢ ውጤት እንበለው። ሁለቱ በአንድ ሌሊት አብረው ስለሚመጡ በዓይን አይለዩም። የስሉትስኪ ብልኀት በሐሳብ የሚለያዩበትን መንገድ ማግኘቱ ነው።

መንገዱን በማክሰኝት ገበያ እንፈትነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ እኛው ያበጀናቸው እንጂ የገበያው ዋጋ አይደሉም። በከተማዪቱ የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለቤቱ ቀለብ በወር 5,000 ብር ይመድባል እንበል። ጤፍ በኪሎ 100 ብር፣ ማሽላ በኪሎ 50 ብር ነው። በዚህ ዋጋ 30 ኪሎ ጤፍ በ3,000 ብር፣ 20 ኪሎ ማሽላ በ1,000 ብር ይገዛል፤ የቀረውን 1,000 ብር ለሽሮ፣ ለበርበሬ፣ ለዘይትና ለመሳሰለው ያውለዋል። ጤፉንና ማሽላውን እያቀላቀለ ያስፈጫል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ጤፍ 120 ብር ገባ፤ የሌላው ዋጋ አልተነቃነቀም። ሰውየው በዚያው 5,000 ብር 24 ኪሎ ጤፍ፣ 25 ኪሎ ማሽላ ገዛ፤ ለወጡ የቀረውም 870 ብር ብቻ ሆነ። ጤፉ በ6 ኪሎ ቀነሰ። ከዚህ ከ6 ኪሎ ውስጥ ጤፍ ከማሽላ ጋር ሲመዛዘን ስለ ተወደደ የቀነሰው ስንቱ ነው? ሰውየው ስለ ደኸየ የቀነሰውስ ስንቱ?

ስሉትስኪ እንዲህ ይላል። በመጀመሪያ ለሰውየው የድኽነቱን ካሣ በሐሳብ ስጡት። ካሣው የቀድሞውን አስቤዛ ሳያጓድል ለመግዛት የሚበቃ ይሁን። ቀድሞ 30 ኪሎ ጤፍ ይገዛ ነበር፤ በያንዳንዱ ኪሎ 20 ብር ተጨምሮበታል፤ ሠላሳ ጊዜ ሃያ 600 ብር ነው። እንግዲህ በ5,600 ብር ያንኑ 30 ኪሎ ጤፍ፣ ያንኑ 20 ኪሎ ማሽላ፣ ያንኑ የ1,000 ብር ወጥ ማግኘት ይችላል። ድኽነቱ ተነሥቶለታል፤ የቀረው የዋጋው ሚዛን መለወጥ ብቻ ነው። ታዲያ ይህ ሰው እንደ ድሮው ይገዛልን? አይገዛም። ዛሬ አንድ ኪሎ ጤፍ በተወ ቁጥር 120 ብር ያተርፋል፤ በዚያም ሁለት ኪሎ ማሽላ ገዝቶ 20 ብር ይተርፈዋል፤ ትናንት ግን የሚያገኘው ሁለቱን ኪሎ ብቻ ነበር። ስለዚህ 27 ኪሎ ጤፍና 24 ኪሎ ማሽላ ገዛ፤ ለወጥም 1,160 ብር ተረፈው እንበል። ከ30 ወደ 27 የወረደው 3 ኪሎ የመተካት ውጤት ነው። ከዚህ በኋላ ያን የሐሳብ ካሣ 600 ብር ከእጁ መልሰን ብንወስድበት ከ27 ወደ 24 ይወርዳል፤ ይህ ሁለተኛው 3 ኪሎ የገቢ ውጤት ነው። ሁለቱ ተደምረው ያን 6 ኪሎ ይሰጡናል።

አሁን ወደ ዋናው ፍሬ ነገር ደርሰናል። ካሣ የተቀበለው ሰው ከ30 ኪሎ የበለጠ ጤፍ አይገዛም ብለን በሙሉ ልብ መናገር የምንችለው ለምንድን ነው? አሜሪካዊው ፖል ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳየው ማስረጃ የሸማቹን ልብ መመርመር እንኳ አያስፈልገውም። ሰውየው በ5,600 ብሩ 35 ኪሎ ጤፍ ገዛ እንበል። ያ አስቤዛ በአሮጌው ዋጋ ቢታሰብ በያንዳንዱ ኪሎ ጤፍ 20 ብር ስለሚቀንስ ጠቅላላው 700 ብር ቀንሶ 4,900 ብር ይሆናል። ትናንት ደግሞ በእጁ 5,000 ብር ነበረ። ይህን አስቤዛ ገዝቶ 100 ብር ሊተርፈው ሲችል ትቶታል ማለት ነው። ትናንት በርካሽ ሳለ የናቀውን ዛሬ በውድ የሚመርጥ ሰው የገዛ ምርጫውን ያፈረሰ ነው። ስለዚህ ምርጫው ያልተለወጠ ሰው ካሣ ከተሰጠው በኋላ የተወደደውን ዕቃ አያበዛም። የመተካት ውጤት በማናቸውም ዕቃ፣ በማናቸውም ሰው ዘንድ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይገፋል፤ ዋጋ ሲጨምር መጠን እንዲቀንስ ያደርጋል። የፍላጎት መስመር ቁልቁለት መሠረቱ ይህ ነው።

የገቢ ውጤት ግን እንዲህ ያለ ጽኑ ሕግ የለውም። ሰው ሲደኸይ ጤፍንና ሥጋን ይቀንሳል፤ ማሽላን ግን ይጨምር ይሆናል። በምሳሌያችን ላይ ይህ ታይቷል፤ ካሣው ሲወሰድበት ማሽላው ከ24 ወደ 25 ኪሎ ከፍ ብሏል። እንደ ጤፍ ባለው፣ ሰው ሲበለጽግ በሚያበዛው ዕቃ ላይ ሁለቱ ውጤቶች ይተባበራሉ፤ ቁልቁለቱም ይጸናል። ሰው ሲበለጽግ በሚተወው ዕቃ ላይ ግን ሁለቱ ይጎታተታሉ።

ይህን ጉተታ ለማየት በዚያችው ከተማ በቀን ሥራ የሚተዳደር አንድ ሰው እናስብ። ለእህል ያለው በወር 1,500 ብር ነው፤ ቤተ ሰቡ ሆዱን ለመሙላት 24 ኪሎ እህል ያስፈልገዋል። ማሽላ 50፣ ጤፍ 100 ብር ሳለ 18 ኪሎ ማሽላና 6 ኪሎ ጤፍ ይገዛል፤ ገንዘቡም ልክ ያልቃል። አሁን የሚወደደው ማሽላው ይሁንና 60 ብር ይግባ። እንደ ቀድሞው ልግዛ ቢል 180 ብር ይጎድለዋል። 24 ኪሎውን ለመሙላት የሚችለው ጤፉን ወደ አንድ ኪሎ ተኩል አውርዶ ማሽላውን ወደ 22 ኪሎ ተኩል ከፍ በማድረግ ብቻ ነው። ማሽላ ተወደደ፣ እርሱም ማሽላን አበዛ። ይህ ሰው ሞኝ አይደለም፤ ማሽላ ቢወደድም ከጤፍ ይልቅ ርካሽ ሆኖ ሆድ የሚሞላው አሁንም እርሱ ስለ ሆነ ነው። ማርሻል ከጊፈን ጠቅሶ ያነሣው ነገር ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ የገቢ ውጤት የመተካትን ውጤት አሸነፈው።

ነገር ግን ይህ የሚሆንበት ቦታ ጠባብ ነው። ዕቃው ከወጪው ትልቁን ድርሻ የያዘ፣ ሰው ሲበለጽግ የሚተወው፣ ከእርሱም የረከሰ ሌላ ምትክ የሌለው መሆን አለበት። ድኽነቱም ልክ ሊኖረው ይገባል። ማሽላው 75 ብር ቢገባ ሰውየው ሊተወው የሚችለው ጤፍ ስለሚያልቅበት ገንዘቡን ሁሉ በማሽላ አውሎም ከ20 ኪሎ የበለጠ አያገኝም፤ መስመሩም ወደ ቁልቁለቱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀነሰው ምግቡ ራሱ ነው። ይህ ነገር በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ እየተባለ ብዙ ዘመን ሲጠራጠሩት ኖረው፣ ሮበርት ጄንሰንና ኖላን ሚለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በቻይና ፈተኑት። በሁናን ክፍለ ሀገር ለድኻ ቤተ ሰቦች ሩዝ በቅናሽ የሚገዙበት ኩፖን ሰጡ። ሩዝ ሲረክስላቸው ቤተ ሰቦቹ ሩዙን ቀነሱ፤ ቅናሹም ሲነሣ መልሰው አበዙት። ይህ ጠባይ የታየውም በእጅጉ በደኸዩት ላይ ሳይሆን ድኾች ሆነው ጥቂት መፈናፈኛ ባላቸው ላይ ነው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገዢ ነው። ከማክሰኝት ወጣ ብሎ ያለው ገበሬ ግን የሚበላውን ጤፍ ራሱ ያመርታል፤ የተረፈውንም ይሸጣል። ዐሥር ኩንታል አግኝቶ አራቱን ለቤቱ አስቀርቶ ስድስቱን የሚሸጥ ገበሬ፣ ጤፍ በኪሎ 20 ብር ሲጨምር በስድስቱ ኩንታል 12,000 ብር ይጨመርለታል። የመተካት ውጤት እርሱንም እንደ ከተማው ሠራተኛ «ጤፉን ሽጠህ ማሽላ ብላ» ይለዋል። የገቢ ውጤቱ ግን ተገልብጧል፤ ስለ በለጸገ «አንተም ነጩን ጤፍ ቅመስ» ይለዋል። የትኛው እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ መናገር አይቻልም። አንድ ዋጋ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ቀን ሆኖ ሳለ ለከተማው ሰው የድኽነት፣ ለገበሬው የብልጽግና ዜና ነው።

ይህን ያላገናዘበ የዋጋ ውሳኔ የሚጎዳውንና የሚጠቅመውን አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ ፍሬና ዱቄት ወደ ውጭ አገር እንዳይላክ በተከለከለ ጊዜ፣ የተጋገረ እንጀራ ግን መላኩን ቀጥሎ ነበር። እንዲህ ያለው ክልከላ የአገር ውስጥ ዋጋ እንዳይንር በረዳ መጠን ለከተማ ሸማች የገቢ ጥቅም ነው፤ በዚያው መጠን ለሚሸጠው ገበሬ የገቢ ጉዳት ነው። ሁለቱን ያገናዘበ ሰው ክልከላውን ደግፎም ተቃውሞም ሊከራከር ይችላል፤ አንዱን ወገን ብቻ ያየ ግን ገና አልመዘነም።

ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በገበያ ዋጋና መጠን አብረው ሲጨምሩ የሚታይበት ጊዜ አለ። ለፋሲካ ዶሮ ይወደዳል፤ ሰውም ከሌላው ጊዜ ይልቅ ዶሮ ያበዛል። ይህን አይቶ መስመሩ አቀበት ሆነ የሚል ሰው ይሳሳታል። ሁዳዴ ሲፈታ የሁሉም ሰው ፍላጎት በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ መስመሩ በሙሉ ወደ ቀኝ ተጓዘ እንጂ፣ በዚያው በፋሲካ ዋዜማ እንኳ ዶሮ ይበልጥ ቢወደድ ሰው የሚገዛው ያንስ ነበር። በመስመሩ ላይ መውጣትና መውረድ አንድ ነገር ነው፤ የመስመሩ ከቦታው መነሣት ሌላ ነገር ነው።

ይህን ልዩነት አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በአገራችን የታየው በወሎ ነው። ስለ 1965 ዓ.ም. ረኃብ የመረመረው ሕንዳዊው ሊቅ አማርትያ ሴን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በረኃቡ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ሰው እንደሚገምተው እጅግ እንዳልናረ አሳየ። ረኃቡን ከዋጋ የሚጠብቅ ሹም በደሴ ገበያ ምልክቱን አያገኝም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የገበሬው ማሳ ሲደርቅ የሚበላው እህል ብቻ ሳይሆን የሚገዛበት ገቢም አብሮ ጠፋ፤ ገቢው የጠፋበት ሰው ምንም ቢራብ በገበያ ላይ ፍላጎቱ አይቆጠርም። የፍላጎት መስመሩ ወደ ግራ ሸሸ፤ ዋጋውም ሳይናር ሰው አለቀ። ከወሎ እህል ወደ ሌላ ቦታ ሲወጣ የታየበት ጊዜም እንደ ነበር ሴን ጠቅሷል። በዚህ ጊዜ የሠራው ከዋጋ መጨመር የሚመጣው የገቢ ውጤት አይደለም፤ የገቢው ራሱ መጥፋት ነው። ዋጋን ብቻ የሚያይ ዓይን ሁለቱንም አይለይም።

ታዲያ ከዋጋ መጨመር በኋላ ከሁለቱ ውጤቶች የትኛው እንደ በረታ በምን ይታወቃል? ከተወደደው ዕቃ ይልቅ ያልተወደዱትን መመልከት ይገባል። ሠራተኛው ጤፍን በማሽላ ተክቶ ዘይቱንና በርበሬውን ካላጎደለ፣ የሠራው በአመዛኙ መተካት ነው። ዋጋው ያልተነካው ወጥ ሲሳሳ፣ ዘይቱ ሲጎድል፣ የልጆቹ ልብስ ሲቆይ፣ ያ የገቢ ውጤት ምልክት ነው። በምሳሌያችን ካሣ ሲሰጠው የወጡ ገንዘብ ከ1,000 ወደ 1,160 ከፍ ብሎ ነበር፤ ካሣ ሳያገኝ ግን ወደ 870 ወርዷል። ከጤፉ ከረጢት ይልቅ የዘይቱ ጠርሙስ ይናገራል።

ከዚህም የተነሣ ለመንግሥት ሠራተኛ የኑሮ ውድነት ድጎማ ሲታሰብ ሁለት መንገዶች ይታያሉ። አንደኛው ጤፉን በቀድሞው በ100 ብር መሸጥና ልዩነቱን መንግሥት መክፈል ነው። ሠራተኛው 30 ኪሎ ስለሚገዛ መንግሥት 600 ብር ያወጣበታል። ሁለተኛው 600 ብሩን በእጁ መስጠት ነው። የመንግሥት ወጪ በሁለቱም መንገድ አንድ ነው። በሁለተኛው ግን ሠራተኛው የቀድሞውን አስቤዛ መግዛት ሲችል ወዶ 27 ኪሎ ጤፍ ብቻ ገዝቷል፤ የተረፈውን ለማሽላና ለወጥ አውሎታል። ወዶ የመረጠው ስለሆነ ከቀድሞው አልከፋውም። ከዚያም በላይ በያንዳንዱ ቤት 3 ኪሎ ጤፍ ለገበያው ተርፏል። ስሉትስኪ በሐሳብ ያሰበው ካሣ በደመወዝ ደብተር ላይ ሲጻፍ መልኩ ይህ ነው። በዚያ ካሣ የተሰጠው ሰው ለጥቂት ያህል ከቀድሞው ይሻለዋልና፣ ሂክስ ሸማቹን ከቀድሞው ሳይሻለው፣ ሳይከፋውም የሚያቆየውን ካሣ መረጠ፤ ይህ ግን የሰውን ልብ ማወቅን ስለሚጠይቅ ለቢሮ ሥራ የሚመቸው የስሉትስኪ ነው።

ለዚህም ወሰን አለው። ካሣው ለአንድ ሰው ሲሰጥ ጤፍ 120 ብር እንደ ሆነ ይቆያል። ለከተማው ሁሉ ሲሰጥ ግን አዲሱ አዝመራ በኅዳርና በታኅሣሥ እስኪገባ ድረስ በገበያው ያለው ጤፍ ያው ስለሆነ፣ በሰዎች እጅ የገባው ገንዘብ ዋጋውን እንደ ገና ይገፋዋል። ካሣ ያላገኘው የቀን ሠራተኛም ያን የተገፋውን ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ ካሣ የሚወስን ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ሁለት ጥያቄ ነው። ይህ ዋጋ የስንቱን ሰው ኪስ ነካ? በገበያውስ የሚተካው ሌላ እህል አለ?

በሚቀጥለው ጊዜ ጤፍ ተወደደ ሲባል የምትሰሙት አንድ ዜና ነው። በየቤቱ የሚደርሰው ግን በሁለት መልክ ነው፤ አንዱ ምጣዱ ላይ በሚቀላቀለው ሊጥ፣ ሁለተኛው በወጡ መሳሳት። የመጀመሪያውን ሸማቹ በገዛ ብልኀቱ ይችለዋል፤ ደመወዝ የሚያስተካክል ሰው ሒሳቡን መጀመር ያለበት ከሁለተኛው ነው።